የሂሳብ ማስተካከያ ምላሽ ምንድን ነው? በሆቴል ሂሳብ ላይ ስህተት ሲገኝ

የሂሳብ ማስተካከያ ምላሽ የሚባለው፣ አንድ እንግዳ ከሚገባው በላይ እንደከፈለ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ሆቴሉ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ፣ ስንት ብር እንደሆነና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመለስ ገልጾ የሚሰጠው የጽሑፍ መልስ ነው። ምላሹ ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ አንደኛው የእንግዳውን የራሱን ገንዘብ መመለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሆቴሉ ላደረሰው እንግልት በራሱ ፈቃድ የሚያቀርበው ስጦታ ነው። ምላሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ የራሱ ገንዘብ እንደ ችሮታ ተደርጎ የተሰጠው እንግዳ ሁለተኛ ጊዜ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ለማሳያ፣ ከሐዋሳ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ሁሉን ጨምሮ በአዳር 5,000 ብር ተብሎ ሦስት ሌሊት አደረ እንበል። መክፈል የነበረበት 15,000 ብር ሆኖ ሳለ 18,975 ብር ከፍሎ ወጣ፤ ደረሰኙን ለመሥሪያ ቤቱ ሲያቀርብ ግን ልዩነቱ ታወቀ። ይህን ቅሬታ የሚመረምር ሠራተኛ መጀመሪያ የተከፈለውን ለተስማሙበት ጠቅላላ ዋጋ ማካፈል አለበት። ውጤቱ 1.265 ከሆነ ምክንያቱ ወዲያው ይታወቃል፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ዋጋውን በ26.5 በመቶ ያሳድጉታል። ይህም ማለት ክፍያውንና ታክሱን አጠቃልሎ የያዘው ዋጋ፣ ቦታው ሲያዝ በሲስተሙ ላይ እንዳልተጨመረበት ዋጋ ተመዝግቧል ማለት ነው። በአዳር 1,325፣ በሦስት ሌሊት 3,975 ብር ትርፍ ተከፍሏል። ውጤቱ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን ምክንያቱም ሌላ ነው፤ የሌላ ክፍል የምግብ ሂሳብ በስህተት ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ እንግዳው የፈረመበት የምግብ ቤቱ ቢል መታየት አለበት።

እርማቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስህተቱ የተገኘው የዕለቱ ሂሳብ ከመዘጋቱ በፊት ከሆነ ምዝገባውን ሰርዞ እንደገና መመዝገብ ይቻላል፤ የዕለቱን ሂሳብ የሚዘጋው የሌሊት ኦዲት ካለፈ በኋላ ግን የቀድሞው ምዝገባ ሳይነካ፣ በኃላፊ ፊርማ የተደገፈ ማስተካከያ ይሠራል። ገንዘብ ተቀባዩ 3,975 ብሩን በሙሉ ከክፍል ኪራዩ ላይ ብቻ ከቀነሰ ሌላ ስህተት ይጨምራል፤ ከዚህ ውስጥ 518.48 ብር ያለአግባብ የተሰበሰበ ታክስ ስለሆነ፣ የአገልግሎት ክፍያውም ታክሱም በየድርሻቸው መቀነስ አለባቸው። ደረሰኙም እንዲሁ መስተካከል አለበት። የዚህ እንግዳ መሥሪያ ቤት የሚያወራርደው በደረሰኝ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ተመልሶለት የተስተካከለ ደረሰኝ ካልደረሰው ቅሬታው ገና አላለቀም።

ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ክቡር እንግዳችን፣ ሂሳብዎን እንድንመረምር ስላሳወቁን እናመሰግናለን። በአዳር 5,000 ብር የተስማማነው የአገልግሎት ክፍያና ታክስን ጨምሮ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ስንመዘግብ በስህተት ሁለቱን እንደገና ስለደመርንበት 3,975 ብር ያለአግባብ ከፍለዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ገንዘቡን በከፈሉበት ካርድ ዛሬ መልሰናል፤ ወደ ሂሳብዎ የሚገባበት ቀን በባንክዎ አሠራር ይወሰናል። የተስተካከለው ደረሰኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ከዚህ ውጭ፣ ስላጉላላንዎት በሚቀጥለው ቆይታዎ አንድ እራት ለሁለት ሰው በእኛ ወጪ ልናስተናግድዎ እንወዳለን።»

በደብዳቤው ውስጥ «ከዚህ ውጭ» የሚለው ቃል ሥራ አለው፤ እራቱ የ3,975 ብሩ ምትክ እንዳልሆነ የሚያስታውቀው እሱ ነው። «ሲስተሙ ተሳሳተ» የሚለው ማመካኛም ቢቀር ይሻላል፤ ዋጋውን የመዘገበው ሰው ነውና። የስጦታው መጠን ልኩን የጠበቀ ሊሆን ይገባል፤ ለ3,975 ብር ስህተት ሦስት ነጻ አዳር የሚሰጥ ሆቴል ሌላ የሚደብቀው ነገር ያለ ያስመስላል። በመዝገብም ቢሆን ስጦታው የሆቴሉ ወጪ ሆኖ ለብቻው ይያዛል እንጂ ከሂሳቡ እርማት ጋር አይቀላቀልም። እንግዳው ተመልሶ ላይመጣ እንደሚችል ከታወቀ፣ ለምሳሌ ጉዳዩን ጨርሶ ከሄደ፣ የሚቀጥለውን ቆይታ ቅድመ ሁኔታ ያደረገ ስጦታ ባዶ ቃል ስለሚሆንበት፣ ወዲያው ሊጠቀምበት የሚችለውን ወይም ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው የሚችለውን መስጠት ይሻላል።