መሬት ገዝቼአለሁ ያለው ሰውዬና የኔ ሜሴጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እንዴት ሰነበታችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው የራሴን ጉድ ነው።

አንኮበር ያለች ጓደኛዬ የልጇን ክርስትና ባለፈው እሁድ አስነሳች፣ እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዚህ እዛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ላይ ቴሌግራም ከፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ውዴ እንኳን ደስ አለሽ፣ ስራም በዝቶብኝ ትራንስፖርትም አስቸግሮኝ መምጣት አልቻልኩም፣ ቅር ካለሽ ይቅርታ።" ልልከው ስል ጣቴ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም እውነቱ ሌላ ነው፣ ጠዋት ደላላ ደውሎልኝ ቦታ ለማየት ሄጄ ነው የቀረሁት።

ቦታ! ወዲያው ትዝ ያለኝ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ነው። አንድ ሰው ትልቅ እራት አዘጋጅቶ እንግዶቹን ሲጠራ የመጀመሪያው ምን አለ፣ መሬት ገዝቻለሁ ወጥቼ ላየው ግድ ነው፣ ይቅር እንድትለኝ እለምንሃለሁ። ሁለተኛውም በሬዎቼን ልፈትን ነው ብሎ ያንኑ ይደግማል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም አፋቸው ይቅርታ ብሏል፣ ወንጌሉ ግን ያደረጉትን "ያመካኙ ጀመር" ነው የሚለው። ይቅርታ የሚለው ቃል አለ፣ ጥፋቱ ግን የለም፣ ጥፋተኛው መሬቱና በሬው ነው። የኔም ሜሴጅ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው፣ ስራውና ታክሲው አጠፉ እኔ ንጹህ ነኝ።

ደሞ የክርስትና ቀን እኮ ድንገት አይመጣም። ሰርግ ይገፋል ይመለሳል፣ ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ነው፣ ኦሪት ዘሌዋውያን 12 ላይ 14 ቀንና 66 ቀን ብሎ የቆጠረው፣ ኩፋሌም ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገባች የሚለው። ስለዚህ ልጅቷ የተወለደች ቀን ነው ለኔ የተነገረኝ ማለት ነው። ሰማንያ ቀን ሙሉ እያወቅኩ የአንድ ጠዋት ደላላ በለጠብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን "ቅር ካለሽ" የምትለዋ ናት። ሁላችንም እንጽፋታለን፣ ትህትና ትመስላለች፣ ግን ነገሩን ከኔ እጅ አውጥታ የሷ ስሜት ላይ ነው የምትጥለው፣ ቅር ካላላት ምንም አላጠፋሁም ማለት ነዋ። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን ትተህ ሂድ ሲል "ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው" ብታስብ ነው ያለው፣ ቅር ብሎት እንደሆነ አጣራ አላለም፣ እሱ መጥቶ እስኪነግርህ ጠብቅም አላለም።

ያንን ሜሴጅ አጠፋሁትና እንደ ንስሐ አባቴ ፊት ሆኜ አሰብኩ። እዛ ጋ ስለ ደላላው ባወራ አባ "እሱን ተይውና አንቺ ምን አደረግሽ" ነው የሚሉኝ። ከዛ ይሄን ላኩ፦

"እህቴ፣ የልጅሽ ክርስትና ላይ አልመጣሁም። ትራንስፖርት አጥቼ አይደለም፣ ቦታ ለማየት ሄጄ ነው። ሰማንያ ቀን የማውቀውን ቀን ነው የተውኩት። ሰው ሁሉ የት ቀረች ሲልሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽ ሳስብ አፈርኩ። አጥፍቻለሁ ይቅር በይኝ። ቅዳሜ ልመጣ አስቤያለሁ፣ ካልተመቸሽ ሌላ ቀን ንገሪኝ።"

እንኳን ደስ አለሽን ሆን ብዬ አላስገባሁትም፣ እሱ በአካል የሚባል ነው ብዬ። የምስጋናና የጸሎት ስቲከርም አልላኩም፣ ስቲከር ሲበዛ ፊት መሸፈኛ ይሆናል (ለኔ ነው የሚታየኝ)። የጠፋው ልጅም እኮ ሉቃስ 15 ላይ የሚለውን ቃል ገና ሩቅ አገር ሆኖ ነው ያዘጋጀው፣ አባቴ ሆይ በደልሁ ብሎ አጭር አድርጎ፣ ግን ቃሉን ልኮ አልቀረም፣ ተነስቶ መጣ ነው የሚለው። ሜሴጅ በር ማንኳኳት ነው እንጂ መግባት አይደለም።

እስከ ማግስቱ መልስ የለም፣ አየችው ሁለቱ ምልክት መጥቷል ዝም። አንድ ሁለት ጊዜ "አየሽው?" ልል ነበር ተውኩት፣ ይቅርታ ጠይቄ ደግሞ ቶሎ ይቅር በይኝ ብዬ ላጣድፋት አልችልም። ማክሰኞ ማታ "ጠላው አላለቀም ነይ" አለችኝ፣ ያቺው ብቻ።

ቅዳሜ ሄድኩ፣ ያ የአንኮበር ጉም መንገዱን ሞልቶት። ሕፃኗ ማተቧን አስራ ተኝታለች። የጓደኛዬ እናት ሰላም ካሉኝ በኋላ ጓዳ ገብተው በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አመጡ፣ "ያንቺ ድርሻ ነው፣ እሁድ ነው ያስቀመጥኩልሽ" አሉኝ። ስድስት ቀን አድሮ ድንጋይ ሆኗል። ጓደኛዬ ሳቋን ይዛ ጠላ ቀዳችልኝ፣ እኔም እየነከርኩ ጨረስኩት።