የሚም መግለጫ ምንድን ነው? ቀልዱ ሳይሞት ለጆሮ እንዲደርስ

ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። ስልኬ ላይ ሚም እያየሁ ነበር። «ቆይ ልንገርህ» ብዬ ጀመርኩ። «አንድ ልጅ አለ፤ ሰማያዊ ባለ ዳማ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከጎኑ ሴት አለች፤ ከፊት ደግሞ ሌላ ሴት...» እየነገርኩት ራሴው እንደገና ሳቄ መጣ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝና «አንተ ሁለተኛ ሳቅክ፤ እኔ ገና ሸሚዙ ላይ ነኝ» አለኝ።

ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ነው። ስልኩን የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው፤ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አድርጎ በሚያነብ ፕሮግራም። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። እነዚህ ፕሮግራሞች የተጻፈ መልእክት ያነባሉ። ሚም ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ለስልኩ ጽሑፍ አይደለም፤ የፎቶው አካል የሆነ ቀለም ነው። ስለዚህ ግሩፕ ውስጥ ሃያ ሰው ሲንከተከት እሱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ፎቶ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። ፌስቡክ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶዎች በራሱ መግለጫ ይሰጣል፤ ግን የሚነግርህ ሦስት ሰዎች እንዳሉና ቦታው ደጅ እንደሆነ ነው። ሦስት ሰዎች ደጅ ቆመው ማን ይስቃል?

የሚም መግለጫ የምንለው ይህን ክፍተት የሚሞላውን አጭር ጽሑፍ ወይም ንግግር ነው። ከተራ የፎቶ መግለጫ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ የፎቶ መግለጫ ምን እንደሚታይ ከነገረ ሥራው አልቋል፤ የሚም መግለጫ ግን ሰሚው በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲስቅ ማድረግ አለበት።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያበላሸሁትን ሚም እንውሰደው። ፎቶውን ታውቁታላችሁ። አንቶኒዮ ጊለም የተባለ ስፔናዊ ፎቶ አንሺ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ጂሮና በምትባል ከተማ ያነሣው ለሽያጭ የተዘጋጀ ፎቶ ነው፤ በ2017 ዓለምን አዳረሰ። አንድ ወጣት ከፍቅረኛው ጋር መንገድ ላይ ሆኖ፣ ያለፈችውን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዞሮ ያያል። ፍቅረኛው በድንጋጤ ታፈጥበታለች። ሰዎች ሦስቱ ላይ የፈለጉትን ይጽፋሉ። እኔ ያየሁት ላይ ወጣቱ «እኔ፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን» ይላል፤ ፍቅረኛው «ሽሮ»፣ ቀይ ለባሿ ደግሞ «የጎረቤት ጥብስ ሽታ»።

ይህን ለማበላሸት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። አንደኛው ታክሲ ውስጥ ያደረግኩት ነው፤ ያየሁትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች መቁጠር። ዓይን ሸሚዙንም፣ መንገዱንም፣ ከኋላ ያለውን ሕንፃ በአንድ ጊዜ ያይና የማይፈልገውን ወዲያው ይጥላል። ጆሮ እንዲህ አይጥልም። የተነገረውን ሁሉ «ይህ በኋላ ይፈለጋል» ብሎ ይይዛል። ስለ ዳማው ሸሚዝ ከነገርከው ዳማው የሆነ ነገር ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው መንገድ ይብሳል፤ «ሰው ሲጾም ሥጋ እንደሚያምረው የሚያሳይ ሚም ነው» ማለት ነው። እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ግን ቀልዱን ሳይሆን የቀልዱን የሞት ማስረጃ ነው የሰጠኸው።

ታዲያ ከፎቶው ምን ይቀራል? ቀልዱን የተሸከሙት ነገሮች ብቻ። እኔ አንድ በአንድ እያነሣሁ «ይህን ባልናገር ቀልዱ ይወድቃል?» እላለሁ። ሸሚዙ አይፈለግም። መንገድ ላይ መሆናቸው በአንድ ቃል ይበቃዋል። የወጣቱ አንገት መዞር ግድ ነው። የተያያዘው እጅ ደግሞ መጀመሪያ ያላሰብኩት፣ ግን ዋናው ሆኖ ያገኘሁት ነገር ነው። ሰውየው ጾሙን አልፈታም፤ እጁ አሁንም ሽሮ ጋ ነው፣ የሄደው ዓይኑ ነው። እጁን ካልተናገርክ ጾም የፈታ ሰው ታሪክ ይሆናል፤ ያ ሌላ ቀልድ ነው። ቀይ ለባሿም እሱን አለማየቷ ጥሩ ነገር ነው፤ ጥብሱ ለሌላ ሰው እየተጠበሰ ነውና። እሷን ግን ቦታ ከጠበበ እተዋታለሁ።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ አለ። ፎቶው ላይ ቀይ ለባሿ ከፊት በስተግራ ናት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከተናገርክ ቀልዱ በመጀመሪያው ቃል ያልቃል፤ ጥብስ ቀድሞ መጥቶ ሽሮ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የቦታውን ተራ ትቼ የቀልዱን ተራ እይዛለሁ፦ መጀመሪያ ሰውየውና ሽሮው፣ ከዚያ መዞሩ፣ የዞረበት ነገር ስም መጨረሻ ላይ። በኋላ ለጓደኛዬ የጻፍኩለት ይህን ነበር፦

«ሚም ነው። አንድ ወጣት የፍቅረኛውን እጅ ይዞ መንገድ ላይ ነው። እሱ ላይ “እኔ፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን” ተጽፏል። ፍቅረኛው ላይ “ሽሮ”። እጇን አልለቀቀም፤ አንገቱን ግን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ ሊያፏጭ ከንፈሩን አሹሎ፣ ያለፈችውን ቀይ ቀሚስ ለባሽ ያያል። ሽሮ “እንዴ!” በሚል ፊት አፏን ከፍታ ቀርታለች። ቀይ ለባሿ ላይ፦ “የጎረቤት ጥብስ ሽታ”።»

አንድ ጊዜ ስሟ ከተነገረ በኋላ «ፍቅረኛው» ማለቴን ትቼ «ሽሮ አፏን ከፍታ ቀርታለች» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ዓይን ፎቶውንና ጽሑፉን አንድ ላይ ያያቸዋል፤ በቃል ግን አንድ የሚሆኑት በጽሑፉ ስም ስትጠራቸው ነው። የተከፋ ሽሮ በዓይነ ልቦና የሚመጣው ያኔ ነው።

ፊትን በተመለከተ ጓደኛዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። እሱ ሲወለድ ጀምሮ አያይም። «ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅላ» ስለው ትርጉሙን ያውቀዋል፤ ግን ስለሚያውቀው እንጂ ስለሚሰማው አይስቅም። «እንዴ!» ስለው ግን ያችን ሴት በድምፅዋ ያውቃታል፤ ቤታቸው ውስጥም አለች። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው። «ኧረ!»፣ «ኤጭ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «እሰይ»፣ «ውይ በሞትኩት» የሚሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊት አላቸው። ከንፈር አሹሎ የሚለውንም ያለ «ሊያፏጭ» አልጽፈውም፤ ፉጨት ይሰማልና። በኋላ ማየት ላቆመ ሰው ግን የፊቱ ቅርጽ ራሱ ይሠራል፤ ጓደኛህን ጠይቀው።

ቋንቋችን የሚያግዝበትና የሚያስቸግርበት ቦታ አለ። የሚያግዘው፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻው ማቆየት ስለሚችል ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ገላጩ ከስሙ በፊት መምጣቱ ነው። «ያለፈችውን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዞሮ የሚያየው የፍቅረኛውን እጅ የያዘ ወጣት» ብለህ ብትጽፍ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ሰሚው ግን ማን እንደሆነ ሳያውቅ አምስት ነገር ተሸክሞ ይጠብቃል። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ በስክሪን ሪደር የሚሰማ ሰው ያንን ለማድረግ እንደገና ማስነበብ አለበት። ስለዚህ ሰውየውን አስቀድም፣ ነጥብ አድርግ፣ ከዚያ አስዙረው።

በዚህ መንገድ የማይተርፍ ቀልድም አለ። ያጌጠ የገና ዛፍ ፎቶ ላይ «ደመወዝ መቼ ነው?» «ገና ነው» የሚል ተጽፎ አስቡ። «ና» ጠብቆ ከተነበበ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማይጽፍ ገጹ ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ድምፅ ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ አንተም ስታነብለት፣ ስክሪን ሪደሩም ሲያነብ። እዚህ ላይ የማደርገው፣ መጀመሪያ ያላላውን ማንበብ፣ ትንሽ ዝም ማለት፣ ከዚያ «ከኋላው ያለው ዛፍ ግን የገና ዛፍ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛውን ትርጉም እሱ ራሱ ያጠብቀዋል። በጽሑፍ ሲሆንም ዛፉን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በፊደል ስህተት ላይ የተሠራ ቀልድ ከሆነ ደግሞ (ለምሳሌ በሀው ፈንታ ሐው የገባበት) ለጆሮ ምንም ልዩነት የለውም፤ እንዲህ ያለውን አልልክለትም።

የት ይጻፋል? ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ስትልክ ከሥሩ በሚጻፈው ቦታ ጻፈው፤ ስክሪን ሪደሩ ከፎቶው ጋር ያነበዋል። ኤክስ ላይ ፎቶው ላይ ALT የሚለውን ነክተህ እስከ 1000 ፊደል መጻፍ ትችላለህ፤ ከላይ ያለው የሽሮ መግለጫ የዚህን ሩብ ያህል ነው፣ ከዚያ ከረዘመብህ ሸሚዙ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። የሳቅ ኢሞጂ ከደረደርክ ደግሞ ስልኩ እያንዳንዷን በስሟ ሊጠራት ይችላል። ከቀልዱ መጨረሻ በኋላ «በደስታ የሚያነባ ፊት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስድስት ጊዜ መስማት ምን እንደሚያደርግ ጓደኛዬን ጠይቁት።

መግለጫው መሥራቱን በሳቁ ብቻ አትለካውም፤ ሰው ለጨዋነትም ይስቃል። «ማናት እሷ?» ካለ ሁለቱን ሴቶች ቀላቅለህበታል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ካለ ዋናውን ነገር አስቀድመህ አባክነኸዋል። ቀልዱ በትክክል ደርሶት ከሆነ ግን ለሌላ ሰው መልሶ ይነግረዋል፤ የእኛ ሽሮ በማግስቱ ከአክስቱ አፍ ተመልሳ መጣችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ፎቶ እንደ አዲስ አልገልጽለትም። «አንገቱ የዞረው» ብለን ስም አወጣንለት፤ አሁን ስሙን ጠርቼ ሦስቱን ጽሑፎች ብቻ በተራቸው እልክለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን እሱ ሲያወራ እኔ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ። ዝም አለና፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦

«አንገቱ የዞረው። ወጣቱ፦ አንተ። ፍቅረኛው፦ እኔ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል እየጠየቅኩህ። ቀይ ለባሿ፦ ይህ መልእክት።»