የወርቅና የብር ማህተም የትውልድ አገርን ይናገራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«750 ካለበት የጣሊያን ወርቅ ነው»

ቁጥሩ የሚናገረው ንጽሕናን ብቻ ነው። ከ1000 እጅ 750ው ንጹህ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ 18 ካራት። ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው 21 ካራት በዚሁ አቆጣጠር 875 ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ቱርክም ዱባይም ቻይናም ይመታሉ።

ጣሊያንን የሚያሳየው ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ሌላ ማህተም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ኮከብ፣ የድርጅቱ መለያ ቁጥር እና የአውራጃው ምህጻረ ቃል በአንድ ረዘም ባለ ቅርጽ ውስጥ እንዲመቱ ያዛል። ኮከብ፣ 1፣ ከዚያ «ኤ» እና «አር» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካዩ አሬትሶ ነው፤ የኡኖአኤሬ ኩባንያ ስምም የመጣው ከዚሁ ምልክት ነው። «ቪ አይ» ቪቼንዛን፣ «ኤ ኤል» አሌሳንድሪያን ያሳያል። ማህተሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል፤ በዓይን ብቻ ኮከቡ ነጥብ ይመስላል።

«መቆለፊያው ላይ ስላለ ሐብሉም የዚያው አገር ነው»

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሐብል መጀመሪያ የሚበላሸው መቆለፊያው ላይ ነው፤ አንጥረኛውም እጁ ላይ ያለውን መቆለፊያ አንስቶ ይበይድበታል። ስለዚህ የአሬትሶ ማህተም ያለበት መቆለፊያ ሌላ ቦታ ከተሠራ ሰንሰለት ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል።

አንድ 750 እና የኮከብ ማህተም መቆለፊያው ላይ ያለበት ሐብል ወርቅ ቤት ቀረበ እንበል። መጀመሪያ መቆለፊያው ከሰንሰለቱ የሚገናኝበት ቀለበት በመነጽር ይታያል። የፋብሪካ ብየዳ ንጹህና ቀጭን ነው። የጥገናው ግን አበጥ ይላል፣ ቀለሙም ፈዘዝ ይላል። ከዚያ መቆለፊያው እና ሰንሰለቱ ጥቁሩ የመፈተኛ ድንጋይ ላይ ለየብቻቸው ይታሻሉ፤ በሁለቱም ጭረቶች ላይ የ18 ካራት አሲድ ጠብ ይደረጋል። የመቆለፊያው ጭረት ሳይለወጥ የሰንሰለቱ ቢጠፋ ሰንሰለቱ ከ18 ካራት በታች ነው፤ ማህተሙም ስለ ሰንሰለቱ የሚናገረው ነገር የለም። ጭረቱን ቀላል አድርገው የሚያሹ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ሰንሰለቱ የተቀባ ከሆነ የሚፈተነው ሽፋኑ ነው። በማይታይ ጥግ በሞረድ ትንሽ ተፍቆ ከውስጡ ነው የሚታሸው።

«መልህቅ ስላለበት እንግሊዝ አገር የተሠራ ብር ነው»

መልህቅ የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት ምልክት ነው፤ የሚመሰክረውም ዕቃው እዚያ መፈተኑን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1998 ከውጭ የገባ ዕቃ በዚያ ቤት ሲያልፍ በመልህቅ ፈንታ ሦስት ማዕዘን ይመታበት ነበር፤ የዚያ ዘመን መልህቅ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከ1999 ወዲህ ግን ልዩነቱ ቀርቷል፤ ከውጭ የመጣውም መልህቅ ሊመታበት ይችላል። ስለዚህ መልህቁን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን የሚያሳየውን ፊደል አብሮ ማንበብ ግድ ይላል።

ፈረንሳይ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጋዋለች። የንስር ራስ የአገሪቱ የ18 ካራት ወርቅ ምልክት ነው። ጉጉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ከውጭ ለገባ ወይም ምንጩ ላልታወቀ ወርቅ የሚመታ ነው። ጉጉት ያየ ሰው «የፈረንሳይ ነው» ካለ፣ ነገሩን ገልብጦ አንብቦታል።

«18 ካራት ተብሎ ከተጻፈ ውስጡም ወርቅ ነው»

ከቁጥሩ በኋላ «ጂ» እና «ፒ» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካሉ በወርቅ የተቀባ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ፊደሎቹ እንዳይታዩ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው።

«1780 ስለሚል ኦስትሪያ በዚያ ዓመት የተመታ ጠገራ ነው»

1780 ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮም፣ ለንደን እና ፓሪስ መትተውታል። ከምስሉ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» ፊደሎች በጉንትስቡርግ ከተማ የነበሩ የገንዘብ ማተሚያ ሹማምንት ምልክት ናቸው፤ እነሱም በየአገሩ ተቀድተዋል። የተመታበትን ቤት ለመለየት ባለሙያዎች የሚያነጻጽሩት የንስሩን የጭራ ላባ እና የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ነው።

ጠገራው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ንጽሕናው 833 ነው። በጅማው ሂርማታ ገበያ ሲዘዋወር የኖረው ይህ ብር ብዙ ጊዜ ቀልጦ አምባርና መስቀል ሆኗል። ከእሱ የተሠራ ጌጥ ምንም ማህተም ላይኖረው ይችላል፣ ሲፈተንም የተለመደው የብር ንጽሕና 925 ላይ አይደርስም። አንጥረኛው ቁጥሩ አነሰ ብሎ «ሐሰት ነው» ቢል ተሳስቷል፤ ዋጋው ግን የሚሰላው በ833 ነው።