«ስንተኛ ወጣህ?» የማይነግረን ነገር

«ደረጃዋ ከወረደ ሰንፋለች ማለት ነው»

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚህ ያሰለቸኝ አባባል የለም። ካርድ በተሰጠ ማግስት ወላጅ ይመጣል። የየትምህርቱን ውጤት ሁሉ ይዘልና ከታች ያለችውን አንዲት ቁጥር በጣቱ ይመታል። «ይኸው፣ ወረደች!» ይለኛል። ልጅቷ በመጀመሪያው ሴሚስተር ምን አቅቷት እንደነበር፣ አሁን ምን እንደቻለች የሚጠይቀኝ ወላጅ ከመቶ አንድም አይገኝም።

ደረጃ የሰልፍ ቦታ ነው። ቦታሽን የሚወስኑት ከፊትና ከኋላ የቆሙት ልጆች ጭምር ስለሆኑ፣ አንቺ ባለሽበት ቆመሽም ቦታሽ ሊቀየር ይችላል። አርባ ተማሪ ያለበት ክፍል ይታሰብ። አርባዎቹም ሙሉ ሴሚስተር ለፍተው እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ቢያሻሽሉ የደረጃው ዝርዝር ቅንጣት አይነቃነቅም። 30ኛ የነበረው ልጅ ያን ሁሉ ለፍቶ አሁንም 30ኛ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደብተሩን ባይገልጥ ማን ይፈርድበታል?

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ 11ኛ ከነበረችበት 14ኛ ሆነች። አባቷ ስልኳን ቀማት። እሷ ደግሞ «ብለፋም ባልለፋም ያው ነው» ብላ የቤት ሥራ መሥራት አቆመች። ነገሩን ሳጣራ፣ ከሌላ ክፍል የተዛወሩ ሦስት ጎበዝ ልጆች ከፊቷ ገብተዋል። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ደረጃ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

እሷ ራሷስ እንዴት ናት? ይህን ለማወቅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ፈልጌ አወጣሁ። 20 ጥያቄ ነበረው፤ ያኔ 12ቱን መልሳለች። መልሶቹ ትዝ ብለዋት እንዳይሆን ቁጥሮቹን ብቻ ቀየርኩ፤ የጥያቄዎቹን ዓይነትና የተሰጠውን 40 ደቂቃ አልነካሁም። 17 መለሰች።

ከ12 እና ከ17 ይልቅ ዓይኔ የገባው የስህተቶቹ ዓይነት ነው። ያኔ ከሳተቻቸው 8 ጥያቄዎች በአራቱ ቁጥሩን ከእኩል ምልክት ወዲያ ማዶ ስታሻግር መደመሩን ወደ መቀነስ መለወጥ ረስታለች። በሁለቱ ወርድ ፕሮብሌሙን አንብባ ኢኩዌሽን ማውጣት አቅቷታል። የቀሩት ሁለቱ ሰዓት ያለቀባት ናቸው። አሁን ከሳተቻቸው ሦስቱ ውስጥ አንዱ ብቻ የምልክት ስህተት ነው፤ ሁለቱ ወርድ ፕሮብሌም ናቸው። የሰዓቱ ችግር ጠፍቷል፣ የምልክቱ ሊጠፋ ነው፣ የወርድ ፕሮብሌሙ ግን ፈቀቅ አላለም። ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋ ካየች በኋላ «እንግዲህ የቀረኝ ይሄ ነዋ!» አለች። ያን ቀን ማታ ምን ማጥናት እንዳለባት አወቀች። «14ኛ» የሚለው ቁጥር ይህን ሊነግራት አይችልም ነበር።

«ባለፈው 62፣ ዘንድሮ 70 አመጣሁ፤ ስለዚህ አድጌያለሁ»

ምናልባት ፈተናው ቀሎ ይሆናል። ሁለት ፈተናዎች እኩል ካልከበዱ ውጤታቸው አይነጻጸርም።

«እሷ በቀን አምስት ሰዓት ታጠናለች፣ እኔ ግን ሁለት»

የተቀመጡበት ሰዓት ይቆጠራል እንጂ የገባው ነገር በዚያ አይቆጠርም።

«ጎበዞች ክፍል ከገባ ይጎብዛል»

ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። ኸርበርት ማርሽ የተባለ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያጠናው ይህንኑ ነው። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ተማሪዎች፣ በጎበዞች መካከል የተቀመጠው ስለ ራሱ የትምህርት ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። የሚለካበት ሰው ስለተለወጠ ብቻ «እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም» ማለት ይጀምራል። ሰው ደግሞ አይሆንልኝም ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ አያጠናም።

«ማወዳደር ተፈጥሮ ነው፣ ማስቆም አይቻልም»

ግማሹ እውነት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 (አሁንም በአውሮፓውያን) ባወጣው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ችሎታውን ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ለዚህም ሌላ ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር እንደሚያወዳድር፣ በተለይም ለእሱ ከሚቀርቡት ጋር እንደሚያስተያይ ጽፏል። ለዚህ ነው ተማሪ ከፕሮፌሰር ጋር ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ጋር የሚለካካው። «ከሰው ጋር አትወዳደር» የሚለው ምክር ብቻውን የማይሠራውም ለዚሁ ነው፤ መለኪያውን ነጥቀን በምትኩ ምንም አንሰጥም።

የምሰጠው ምትክ አንድ ደብተር ነው። በየገጹ አራት ዓምድ ይሰመራል፦ ቀን፣ ርዕስ፣ የተሳሳትኩት መስመር፣ ለምን። ፈተናም የቤት ሥራም ታርሞ ሲመለስ የተሳሳተችው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ትገባለች። ከአራቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። «ተሳሳትኩ» ወይም «አላወቅሁትም» ብሎ መጻፍ አይቆጠርም፤ «ቅንፉን ስፈታ ሁለተኛውን ቁጥር አላባዛሁትም» የሚለው ይቆጠራል። «ቸኩዬ ነው» ስትባሉ ደግሞ ጠርጥሩ። ያው «ችኮላ» እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ልጁ አልቸኮለም፣ ነገሩ አልገባውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እነዚያው ጥያቄዎች ቁጥራቸው ተቀይሮ በባዶ ወረቀት ይሠራሉ። የድሮውን መልስ እያዩ «አዎ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ማለት ፈተና አይደለም። የሌላ ሰው አሠራር ሲነበብ ሁሉም ቀላል ይመስላል። እርሳስ ይዞ የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ ሲያቅት ነው እውነቱ የሚታየው። የተሠራው ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ያልተሠራው ከነምክንያቱ እንደገና ይጻፋል።

ከየስህተቱ ዓይነት ስንት እንዳለ ከደብተሩ መቁጠር በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ የሚቆጥር ልጅ እንቅልፍ ያጣበትን ቀን ስንፍና፣ ቀላል ገጽ የደረሰበትን ቀን ጉብዝና አድርጎ ይይዘዋል። በሁለት ተከታታይ ቆጠራ አንድ ዓይነት ስህተት ካልቀነሰ ሰዓት መጨመር አይረዳም፤ አጠናኑ ይቀየር፣ ወይም የታችኛው ክፍል ትምህርት ላይ የቀረ ቀዳዳ ካለ ይፈለግ። በነገራችን ላይ፣ ይህን ደብተር ክፍል ውስጥ አሰባስበው «የማን ስህተት ያንሳል» የሚሉ መምህራን ገጥመውኛል። ልጆቹ በማግስቱ ስህተታቸውን መጻፍ ያቆማሉ።

«እንዲያ ከሆነ ደረጃ ለምን ይሰጣል?»

ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ለመምረጥ። ነገ ምን እንደምታጠኚ ለመወሰን ግን አይጠቅምሽም።

«ታዲያ ጓደኛዬን ጭራሽ አልይ?»

እዩ እንጂ! ስንት እንዳመጣ ሳይሆን ጥያቄውን ከየት እንደጀመረው እዩ። ያቺ 14ኛዋ ተማሪዬ ከእነዚያ ከተዛወሩት ሦስቱ አንዱን «ወርድ ፕሮብሌም ሲሰጥህ መጀመሪያ የምትጽፈው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ምንም አይጽፍም፤ መጀመሪያ ሥዕል ይሥላል። ሁለት መኪና የሚል ጥያቄ ከሆነ ሁለት ሳጥንና አንድ መንገድ ይሥልና ቁጥሮቹን እላዩ ላይ ያሰፍራል፤ ኢኩዌሽኑን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ገና አንብባ ሳትጨርስ ኢኩዌሽን ፍለጋ ትገባ ነበር። በሚቀጥለው ቆጠራ «ለምን» የሚለው ዓምድ ላይ «ሥዕሉን ሳልሥል ጀመርኩ» ብላ ጽፋ አገኘሁ።