በእጅ የተገለበጠ ስብሰባ፦ ስለ ኢሜይል ግብዣና ስለ ካላንደር የሚነገሩ ስህተቶች

«ግብዣው በኢሜይል ይመጣልኛል። ሰዓቱን ወደ እኛ ቀይሬ ካላንደሬ ላይ በእጄ ካስገባሁት ያው አይደለም እንዴ?»

አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም ቢሮ በገባሁ ቁጥር ይህን እሰማለሁ፤ መልሱን ሰምቶ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በእጁ የሚገለብጥም አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

አንዲት የኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ኃላፊን ጉዳይ ልንገራችሁ። ጀርመን ያለው ገዢ በየማክሰኞው በእነሱ 10:00 ስብሰባ ጠራ፤ የመጀመሪያው ጥር 5 ቀን 2018 ነበር። በክረምታቸው ጀርመን ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ማለት ነው። እሷም 12:00 ብላ በየሳምንቱ እንዲደጋገም አስገባችው። የፋብሪካው የምርት ስብሰባ ከ5 እስከ 6 ስለሆነ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ካላንደሩ ግጭት አላሳየም፤ ልክም ነበር።

መጋቢት 20 እሑድ አውሮፓ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋች። መጋቢት 22 ማክሰኞ በ6 ሰዓት ስትገባ ስብሰባው አልቆ ሁሉም ወጥቷል። በጀርመን አሁንም 10:00 ነው፤ በእኛ ግን 5 ሰዓት ሆኗል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀያይር የሚንቀሳቀሰው የእነሱ ነው።

ከግብዣው ጋር የመጣው የ`.ics` ፋይል ይህን ያውቅ ነበር፦

```
DTSTART;TZID=Europe/Berlin:20260113T100000
DTEND;TZID=Europe/Berlin:20260113T110000
RRULE:FREQ=WEEKLY;BYDAY=TU
```

ፋይሉ የያዘው የበርሊንን 10:00 እንጂ የእኛን 6 ሰዓት አይደለም። ግብዣውን `Yes` ብሎ የተቀበለ ሰው ካላንደሩ የበርሊንን ሰዓት ይዞ ለየማክሰኞው ለብቻው ያሰላለታል። በእጅ የገባው ግን የአዲስ አበባ 12:00 ሆኖ ደርቆ ይቀራል።

የባሰው ደግሞ ግጭቱ ነው። በእጇ ያስገባችውን አጥፍታ የመጀመሪያውን ኢሜይል ከፍታ ስትቀበል፣ ከመጋቢት 22 ጀምሮ የጀርመኑ ስብሰባ በምርት ስብሰባው ላይ ልክ ተደርቦ ታየ። ግጭቱ ከጥር ጀምሮ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ የደበቀው የተገለበጠው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከአውሮፓ የሚመጣ ተደጋጋሚ ግብዣ ስትቀበሉ የዛሬውን ሳምንት ብቻ አትዩ። ካላንደሩን ወደ መጋቢት መጨረሻና ወደ ጥቅምት አጋማሽ ግፉት። በ2019 ጥቅምት 15 እሑድ ሰዓታቸውን ይመልሳሉ፤ ጥቅምት 17 ማክሰኞ እንደገና 6 ሰዓት ይሆናል።

«ሰዓቱ ቢቀየር ይነግሩኛል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ይልካሉ። የሚልኩት ግን ለመጀመሪያው ግብዣ ነው። እያንዳንዱ ግብዣ `UID` የሚባል መለያ አለው፤ ማሻሻያው ያንኑ መለያ ይዞ ሲመጣ ካላንደሩ የድሮውን ፈልጎ ያስተካክላል። በእጅ ያስገባችሁት የራሱ ሌላ መለያ ስላለው ማንም አያገኘውም፤ ስብሰባው ተሰርዞ እንኳ እናንተ ጋ ይቀመጣል። ግብዣው የመጣው ለአለቃችሁ ከሆነ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም አትቀበሉ፤ ጠሪው እናንተንም ተጋባዥ አድርጎ እንዲጨምር ጠይቁ።

«ኢሜይሉ ላይ ሰዓት ከተጻፈ ካላንደሩ ራሱ ይመዘግበዋል።» «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ተራ ጽሑፍ ግብዣ አይደለም፤ ፋይል የለውም። እዚህ ላይ መተየብ ግዴታ ነው፤ ግን 9:00 AM ብላችሁ። 3:00 AM ካላችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቀመጥና ከምንም ጋር ሳይጋጭ ይኖራል።

«ኢሜይሉን ካጠፋሁት ስብሰባውም ይጠፋል።» አይጠፋም።

«የሙሉ ቀን ሥልጠና አስገብቻለሁ፤ ሰው በዚያ ቀን አይጠራኝም።» ጉግል ካላንደር የሙሉ ቀን ምዝገባን ካልነካችሁት `Free` አድርጎ ይተወዋል። ሰው ሰዓታችሁን ሲፈልግ ነፃ ሆናችሁ ነው የምትታዩት። `Busy` አድርጉት።

«ግጭት ካላሳየ እደርሳለሁ።» ካላንደር የሚያየው አንዱ ከማለቁ በፊት ሌላው መጀመሩን ብቻ ነው። ደሴ 4 ሰዓት የሚያልቅና ኮምቦልቻ 4 ሰዓት የሚጀምር ስብሰባ ለእሱ ሰላም ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድና የሐረጎን ጠመዝማዛ አያውቅም። መኪና ውስጥ የምትሆኑበትን ሰዓት ራሱን እንደ ቀጠሮ አስገቡት፣ `Busy` ብላችሁ። ያኔ ኮምቦልቻ የጠራችሁ ሰው ሰዓታችሁን ሲያይ 4 ሰዓት ላይ ተይዞ ያገኘዋል።