የሴልን «የመጨረሻ ቃል» ማውጣት ምንድን ነው?

አንድ የሠራተኞች ዝርዝር በኤክሴል ተልኮልኛል እንበል። ሙሉ ስም በአንድ ሴል ታጭቋል። እኔ የምፈልገው ደግሞ የአባት ስም ለብቻ፣ የአያት ስም ለብቻ ነው። ሁሉም ስም ሦስት ቃል ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ Text to Columns የሚለውን ተጭኜ በየዓምዱ እበትነው ነበር። ግን አንዱ «ሀና ተስፋዬ» ብሎ አቁሟል፣ ሌላው «ሀና ተስፋዬ በቀለ» ብሏል፣ ሌላው አራት ቃል አለው። ሲበተን የአንዱ አያት ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያርፋል፣ የሌላው አራተኛው ላይ።

እንዲህ ሲሆን ለፎርሙላው ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ማቅረብ አለብን። አንዱ «የመጨረሻው ቃል ምንድን ነው?» የሚለው ነው፤ ከኋላ ይቆጠራል። ሌላው «ሁለተኛው ቃል ምንድን ነው?» የሚለው ነው፤ ከፊት ይቆጠራል። ልዩነታቸው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። ለ«ሀና ተስፋዬ» የመጨረሻው ቃል የአባት ስም ነው። ለ«ሀና ተስፋዬ በቀለ» ደግሞ የአያት ስም ነው። የአባት ስም የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ቃል ይጠይቅ፤ የመጨረሻውን ከጠየቀ አባትና አያት አንድ ዓምድ ውስጥ ይደባለቁበታል።

አሁን ወደ ዘዴው። በድሮው ኤክሴል «የመጨረሻውን ቃል አምጣ» የሚል ትእዛዝ የለም። ስለዚህ ሰዎች አንድ ብልሃት ፈጠሩ። በቃላቱ መካከል ያለውን እያንዳንዱን ክፍት ቦታ በጣም ሰፊ በሆነ ክፍት ቦታ ይተኩታል፤ ከዚያ ከጫፍ አንድ ትልቅ ቁራጭ ይቆርጣሉ።

```
=TRIM(RIGHT(SUBSTITUTE(B2," ",REPT(" ",100)),100))
```

100 ለማየት አይመችም፤ በ20 እንሞክረው። «ሀና ተስፋዬ በቀለ» የሚለው ሲለጠጥ «ሀና» ከ1 እስከ 2ኛው ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ 20 ባዶ ቦታ ይከተላል። «ተስፋዬ» ከ23 እስከ 26 ይሆናል። እንደገና 20 ባዶ። «በቀለ» ከ47 እስከ 49 ይሆናል። ከቀኝ 20 ስንቆርጥ ከ30 እስከ 49 ያለውን እናገኛለን። እዚያ ውስጥ ያለው ቃል «በቀለ» ብቻ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው። ባዶውን TRIM ይጠርገዋል። (እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጠር በአማርኛም ቁጥሩ አይዛባም።)

ከፊት ለመቁጠር RIGHT በ MID ይተካል። ሁለተኛው ቃል ሲፈለግ እንዲህ ነው፦

```
=TRIM(MID(SUBSTITUTE(B2," ",REPT(" ",100)),(2-1)*100+1,100))
```

ዓይናችሁን የምታሳርፉት (2-1) የሚለው ላይ ነው። ሦስተኛውን ለማውጣት 2ን በ3 መቀየር ብቻ ነው። 20 አድርገን ካሰብነው ሁለተኛው ቁራጭ ከ21 እስከ 40 ነው፤ «ተስፋዬ» 23 ላይ ስለሚጀምር ውስጡ ይገባል። ግን እዩ፣ ልክ 21 ላይ አልጀመረም፤ ከፊቱ ያለው «ሀና» በሁለት ፊደል ገፍቶታል። ቃል በበዛ ቁጥር መገፋቱ ይጨምራል። እስከምንፈልገው ቃል ድረስ ያሉት ፊደሎች ተደምረው ከ100 ካለፉ ቃሉ ከቁራጩ ይወጣና ተቆርጦ ይመጣል። ለስም አያሰጋም። ለረጅም አድራሻ ወይም ለዓረፍተ ነገር ግን 100 የሚለውን በሙሉ በ LEN(B2) ተኩት፤ ያኔ ስፋቱ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ያድጋል።

በማይክሮሶፍት 365 ወይም በኤክሴል 2024 የምትሠሩ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል፦

```
=TEXTAFTER(" "&B2," ",-1)
=IFERROR(INDEX(TEXTSPLIT(B2," "),2),"")
```

-1 ማለት ከኋላ ተነስተህ የመጀመሪያውን ክፍት ቦታ ፈልግ፣ ከእሱ በኋላ ያለውን ስጠኝ ነው። ከፊት የጨመርኩት " "& ያለ ምክንያት አይደለም። ሴሉ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ካለ ክፍት ቦታ ስለማይገኝ #N/A ይመጣል፤ እኔ አንድ ስጨምርለት ቃሉን ራሱን ይመልሳል። በጎግል ሺትስ ለሁለተኛው ቃል =INDEX(SPLIT(B2," "),1,2) ይበቃል።

እስካሁን B2 እያልኩ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጥሬው ስም A ውስጥ ነው፤ B የተጣራው ነው። ሳያጣሩ መቁረጥ ጉድ ያመጣል። ከስሙ ኋላ አንድ የማትታይ ክፍት ቦታ ካለች TEXTAFTER ባዶ ይመልሳል፤ ከእሷ በኋላ ምንም የለማ! ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ደግሞ ክፍት ቦታ የሚመስል ግን ያልሆነ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ TRIM አያውቀውም። በእኛ ጽሑፍ ላይ ሌላም አለ፦ ቃላቱ በሁለት ነጥብ (፡) ተለያይተው የተጻፉ ከሆነ ለኤክሴል ሙሉ ስሙ አንድ ቃል ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ «ሀና» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ሦስተኛ ምልክት =UNICODE(MID(A2,3,1)) ብላችሁ ጠይቁት። 32 ካለ ትክክለኛ ክፍት ቦታ ነው። 160 ካለ ያ አስመሳዩ ነው። 4961 ካለ ሁለት ነጥብ ነው። ሦስቱንም አንድ የሚያደርገው ይኸው፣ B2 ላይ ይጻፍ፦

```
=TRIM(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A2,UNICHAR(160)," "),UNICHAR(4961)," "))
```

አንድ ነገር ግን ፎርሙላ ብቻውን አይፈታውም። «ሳራ ገብረ ማርያም» ስንት ቃል ነው? ለኤክሴል ሦስት ነው። ለእኛ ግን ሁለት ስም ነው፤ ሳራ እና አባቷ። ሁለተኛውን ቃል ስታወጡ «ገብረ»፣ የመጨረሻውን ስታወጡ «ማርያም» ይመጣል። ሁለቱም የማንም ስም አይደሉም። ቃል ቆጥሮ ማጣራትም አያድንም፤ ሦስት ቃል ስለሆነ ደህና ይመስላል።

መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት ጥምሩን መቋጠር ነው፦

```
=SUBSTITUTE(B2,"ገብረ ","ገብረ_")
```

ይህን C2 ላይ አድርጉና ከላይ ያሉትን ፎርሙላዎች በ C2 ላይ አስኪዱ። መጨረሻ ላይ ሰረዟን መልሳችሁ በክፍት ቦታ ትተካላችሁ። ለ«ወልደ»፣ ለ«ኃይለ»፣ ለ«ተክለ» እንዲሁ ይደረጋል። ፊደላችን እዚህ ላይ ትንሽ ያግዘናል፦ «ኃይሌ» ብቻውን የሚቆም ስም ነው፣ «ኃይለ» ደግሞ ተከታይ ይፈልጋል፤ ኤክሴልም ለይቶ ያያቸዋል። በላቲን ፊደል Haile ተብሎ ከተጻፈ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በአማርኛም ቢሆን «ኃይለ» እና «ሀይለ» ለኤክሴል የተለያዩ ናቸውና ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላም በማጣሪያው «ገብረ»፣ «ወልደ» እያልኩ የሚወጡትን ረድፎች በዓይኔ አያለሁ፤ ለጥቂት መቶ ስም ከሻይ ሰዓት አያልፍም።