ዝናባማ ሬንደር፦ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚያበራ የሕንፃ ፊት

የሕንፃ ዲዛይን ለደንበኛ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሬንደር ፀሐያማ ነው። ሬንደር ማለት ገና ያልተሠራ ሕንፃን ፎቶ አስመስሎ የሚያሳይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ጥላው ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ ደረቅ ይሆናል። ዝናባማው ዓይነት ከዚህ ይለያል። ሰማዩን ደመና ይሸፍነዋል፣ መንገዱ ይረጥባል፣ የሱቆቹ መብራት አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። ሲሳካለት ሕንፃው ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት እውነተኛ ቦታ ይመስላል። ሳይሳካ ሲቀር ግን ግድግዳው፣ ሰማዩና መንገዱ አንድ ዓይነት ቡናማ ግራጫ ሆነው ይዋሃዳሉ። ምስሉ በጭቃ ውሃ የታጠበ ይመስላል።

ለዚህ ብዙዎች ደመናውን ይወቅሳሉ። ደመናው ግን ጥፋተኛ አይደለም። የዝናብ ምስል ብርሃኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከመሬቱ ነው። መሬቱ ምን እያንጸባረቀ እንደሆነ ሳይታሰብ ሲቀር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሠዓሊዎች ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ካይቦት እ.ኤ.አ. በ1877 የፓሪስን ጎዳና በዝናብ ቀን ሥሏል። ሥዕሉ ዛሬ ቺካጎ በሚገኘው የጥበብ ተቋም ሙዚየም ውስጥ ነው። የሚገርመው አንድም የዝናብ ጠብታ ሲወርድ አይታይም። ጃንጥላዎቹና የሚያብለጨልጨው የድንጋይ ንጣፍ ብቻ ዝናቡን ይናገራሉ። ሰማዩም ሐመር ነው እንጂ ጥቁር አይደለም።

ደመና ብርሃንን እንዴት ያከፋፍላል

ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰማይ ከላይ ከታች እኩል አይበራም። የብርሃን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መደበኛ ስሌት እንደሚለው ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ከአድማሱ አካባቢ ሦስት እጥፍ ይደምቃል። ስለዚህ ብርሃኑ በብዛት የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። የዚህ ብርሃን ተጠቃሚ መሬቱ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ግን ፊቱ ምንም የሚከልለው ነገር ባይኖር እንኳ ከሰማዩ የሚደርሰው ብርሃን ሜዳው ላይ ከሚያርፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማዶ ሌላ ሕንፃ ካለ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እንኳ በደመናማ ቀን ከጀርባው ካለው ሰማይ ይጠቁራል። ግራጫ ልስን ከሆነማ የሰማዩን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚያበራው። ሬንደር ሠሪው ሰማዩ «ከባድ» እንዲመስልለት ብሎ የምስሉን ብርሃን ሲቀንስ ግድግዳው አብሮ ይሰምጣል። የጭቃው መጀመሪያ ይህ ነው። መፍትሔው የምስሉን ብርሃን በግድግዳው ልክ ማስተካከልና ሰማዩን ወደ ነጭ እንዲጠጋ መተው ነው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነጭ እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ይበቃል፤ ትንሽ የደመና ቅርጽ ከታየበት ማንም ደመናማ መሆኑን አይጠራጠርም።

አንድ ጂ ፕላስ ፎር እንውሰድ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር የሚቆም አንድ የተለመደ ሕንፃ እናስብ። ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ቁመቱ 16 ሜትር፣ ከታች ሱቆች፣ ከላይ ቢሮዎች። ካሜራው ከመንገዱ ማዶ፣ ከሕንፃው 22 ሜትር ርቆ፣ በሰው ዓይን ከፍታ፣ ማለትም በ1.6 ሜትር ላይ ይቆማል። ባለ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፣ ምስሉም ቁም ነው። ካሜራው ሳያዘነብል ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ይገባለታል። የምስሉን ግማሽ የሚጠጋውን የታችኛውን ክፍል የሚይዘው መንገዱ ነው።

አሁን ውሃው። ጸጥ ያለ ውሃ ከላይ በቀጥታ ሲያዩት የሚያንጸባርቀው ብርሃን 2 በመቶ ብቻ ነው። በጎን፣ በጠባብ ማዕዘን ሲያዩት ግን ወደ መስታወትነት ይለወጣል። በእኛ ምስል ካሜራው እግር ሥር፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ያቆረ ውሃ 4 በመቶ እንኳ አያንጸባርቅም። 6 ሜትር ላይ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሕንፃው ሥር ሲደርስ ከ60 በመቶ ያልፋል። ካሜራው ወደ 1.2 ሜትር ዝቅ ቢል ያው የ6 ሜትሩ ቦታ ወደ 30 በመቶ ያድጋል። ብዙ የዝናብ ምስሎች ዝቅ ካለ ካሜራ የሚወሰዱት ለዚህ ነው።

የሕንፃው ነጸብራቅ ተገልብጦ ወደ እኛ ይመጣል። የሱቆቹ ፎቅ ነጸብራቅ ከሕንፃው ሥር ይጀምርና ከካሜራው 6 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያበቃል። ይህ መስታወቱ ጠንካራ የሆነበት ስፍራ ነው። የላይኛዎቹ ፎቆች ነጸብራቅ የሚያርፈው ግን ካሜራው አጠገብ፣ ውሃው ብዙ በማያንጸባርቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ መብራት መበራት ያለበት ሱቆቹ ውስጥ ነው። ሁሉንም ፎቅ ማብራት ምስሉን ያጨናንቃል እንጂ መንገዱ ላይ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ካሜራው ሕንፃውን ፊት ለፊት ከተመለከተ ከፊታችን ያለው መንገድ የሚያንጸባርቀው ሕንፃውን ራሱን ነው። ሕንፃው ደግሞ ከሰማዩ የጠቆረ ነው። ጥቁር አስፋልት ላይ የጠቆረ ግድግዳ ሲያንጸባርቅ ውጤቱ ይታወቃል። ብሩህ ሰማይ መንገዱ ላይ የሚመጣው ጎን ለጎን፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ መንገዱ ወደሚዘልቅበት አቅጣጫ ማዞር ያስፈልጋል። ያኔ በሕንፃዎቹ መሐል ያለው ክፍት ሰማይ አስፋልቱ ላይ እንደ ሐመር መቀነት ይዘረጋል፤ የሕንፃው ነጸብራቅም ከጎኑ ጥርት ብሎ ይለያል። በእኔ እይታ አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ቢቻል መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የሚደረግ የቀለም ማስዋብ ሁሉ ይህንን አይተካም።

ነጸብራቁ ሕንፃውን ከታች ወደ ላይ እንደሚያይም መርሳት አይገባም። የበረንዳው ሆድ፣ የሱቁ ኮርኒስ፣ የማስታወቂያው ታችኛ ጠርዝ ሁሉ መንገዱ ላይ ይታያሉ። ሞዴሉ ላይ ካልተሠሩ ነጸብራቁ ውስጥ ቀዳዳ ይመስላሉ። ከካሜራው ጀርባም ቀለል ያሉ ሕንፃዎች መቆም አለባቸው። ያለበለዚያ የመስኮቱ መስታወት ባዶ ሰማይ ብቻ ያሳያል።

ምን ይረጥባል፣ ምን ይደርቃል

አስፋልት፣ ሲሚንቶ፣ ልስንና ጡብ ሲረጥቡ ይጠቁራሉ። ስዊድናዊው አንደርስ አንግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1925 ምክንያቱን አብራርቷል። ከቁሱ ተመልሶ ሊወጣ የነበረው ብርሃን በቀጭኑ የውሃ ሽፋን ውስጥ ወደ ቁሱ ተመልሶ ይመታል፣ በዚያው ተውጦ ይቀራል። መስታወት፣ ብረትና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ግን ውሃ ስለማይመጡ አይጠቁሩም።

ጀማሪ እዚህ ላይ ሁሉንም ነገር ያረጥባል። ያኔ ቀድሞውኑ ብርሃን ያነሰው ግድግዳ በድጋሚ ይጠቁራል። እውነተኛ ዝናብ እንዲህ አያደርግም። የጣሪያው ጠርዝና የመስኮቱ ደፍ ይረጥባሉ፣ ከደፉ ሥር የውሃ መስመር ይወርዳል፣ የግድግዳው ግርጌ በፍንጣቂ ይርሳል። የቀረው ግድግዳ ደረቅ ወይም ወዛማ ብቻ ነው። ከሱቁ በር በላይ በወጣው መጠለያ ሥር ያለው ንጣፍም ደረቅ መሆን አለበት። ይህ ደረቅና ሐመር ቁራጭ ከእርጡቡ ጎን ሲታይ፣ ዝናብ መዝነቡን ከማንኛውም ጠብታ በላይ ያስረዳል።

መንገዱ ላይ ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። ብሌንደር በተባለው የሬንደር መሥሪያ ፕሮግራም የገጽታን ሸካራነት በሚወስነው `Roughness` በሚለው ቁጥር ብናስበው፣ ደረቁ ንጣፍ 0.8 አካባቢ፣ እርጥቡ አስፋልት ከ0.2 እስከ 0.3፣ ያቆረው ውሃ ከ0.05 በታች ይሆናል። ውሃው ባቆረበት ቦታ የአስፋልቱ ሸካራነት ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ ውሃ ከላይ ጠፍጣፋ ነውና። ኩሬውም ባገኘው ቦታ ሁሉ አይቀመጥም። የመኪና ጎማ ባጎደጎደው መስመር፣ በእግረኛው መንገድ ጠርዝና በተደፈነ ቦይ አካባቢ ነው የሚያቁረው። አዲስ አበባን በክረምት በእግሩ የሄደ ሰው ይህን ካርታ በቃሉ ያውቀዋል። መንገዱን በሙሉ መስታወት ማድረግ ግን የተወለወለ የሆቴል ወለል ያስመስለዋል።

ሌላው ውሳኔ ዝናቡ እየወረደ ነው ወይስ አባርቷል የሚለው ነው። እየወረደ ከሆነ ጠብታዎቹ ኩሬውን ያናውጡታል፣ ጥርት ያለ ነጸብራቅ አይኖርም። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያሳይ ምስል ዓይን ይጎረብጣል። ለሕንፃ ምስል ካባራ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ቀለምና ፍተሻ

የደመናማ ቀን ብርሃን በብርሃን ቀለም መለኪያ ከ6500 እስከ 7500 ኬልቪን ይደርሳል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሱቅ መብራት 3000 ኬልቪን ሲሆን ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሞቅ ያለ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምስሉ ይተነፍሳል። ጭቃው የሚመጣው በመጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ቀለም ሲያጥቡት ነው። በተለይ ጥላው ውስጥ ቢጫ ሲገባ ግራጫው ወዲያው ቡናማ ይሆናል። ጥላው ቀዝቃዛ፣ መብራቱ ሞቃት ሆነው ይቆዩ። ከዚያ ውጭ አንድ ደማቅ ነገር ይበቃል፦ ቀይ ጃንጥላ፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ወይም አስፋልቱ ላይ ረዘም ብሎ የሚወርድ የፍሬን መብራት። እውነተኛ ጥቁርም ያስፈልጋል፤ መኪናው ሥርና የበሩ ገባ ያለ ቦታ በደንብ ካልጠቆሩ ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይሆናል።

ለመፈተሽ ምስሉን የጣት ጥፍር ያህል አሳንሶ ቀለሙን ማጥፋት ነው። ሰማዩ፣ ግድግዳውና መንገዱ በሦስት የተለያዩ ግራጫዎች ከተለዩ፣ መንገዱ ላይም ከግድግዳው የሚደምቅ ቦታ ካለ ምስሉ ደህና ነው። ግድግዳውና መንገዱ ከተዋሃዱ ቀለም መነካካቱን ትቶ ወደ ካሜራው አቅጣጫና ወደ ረጠቡት ነገሮች መመለስ ይሻላል።

ይህ ዓይነት ምስል ለሁሉም ሕንፃ አይሆንም። ደመና ጥርት ያለ ጥላ አይሰጥም። ስለዚህ ውበቱ በፀሐይ መከላከያ ክንፎችና በጥላ ጨዋታ ላይ የቆመ ሕንፃ በዝናብ ቀን ጠፍጣፋ ይሆናል። ጡብ፣ እንጨትና የተፈጥሮ ድንጋይ ግን ሲረጥቡ ቀለማቸው ይጎላል። በረንዳው ወደ ውስጥ የገባ፣ የታችኛው ፎቁ ለመንገዱ የተከፈተ ሕንፃም በደንብ ይጠቀማል። ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ደግሞ ሰማዩን እንዳለ መልሶ ስለሚያሳይ ግራጫው ይበዛበታል፤ ለእሱ የውስጥ መብራቱ ማየል የሚጀምርበት፣ ወደ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ያለው አጭር ጊዜ ይመረጣል።